የተግባር ዝርዝር ምንድን ነው? ከረጅም የእንግሊዝኛ ቃለ ጉባኤስ እንዴት ይወጣል?

ባሕር ዳር ከውጭ አጋሮች ጋር የሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስብሰባው አርብ ያልቃል፤ ሰኞ ዐሥራ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ቃለ ጉባኤ በኢሜይል ይደርሳል፤ ወዲያው አለቃው «ለወረዳዎቹ በአማርኛ አሳጥረህ ላክልኝ» ይላል። የተጠየቀው ትርጉም አይደለም፣ የተግባር ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ሥራ፣ አንድ ፈጻሚ፣ አንድ ቀን ይኖራል። ማን ምን አለ፣ ማን ማንን አመሰገነ የሚለው እዚያው ዐሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ የሚለየው ውሳኔው ከወሬው ነው። «ተገለጸ»፣ «አስተያየት ተሰጠ»፣ «ቢደረግ ጥሩ ነው ተባለ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ሥራ አይወልዱም። «ተስማምተናል»፣ «ተወስኗል»፣ «እገሌ ያደርጋል» የሚሉት ይወልዳሉ። አንድ ቃል ግን እኔንም አሳስቶኛል፦ «ቴብልድ»። እንግሊዛዊ ጸሐፊ ሲጽፈው ጉዳዩ ለውይይት ቀረበ ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊ ሲጽፈው ውይይቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ማለቱ ነው። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ሰው የየትኛው አገር እንግሊዝኛ እንደሚጽፍ ሳላጣራ ያንን መስመር አልነካውም።

አሁን አንድ መስመር አብረን እንሥራ። ጣና ላይ እምቦጭ ስለሚያነሳ ማሽን የተደረገ ስብሰባ ነው እንበል፤ ቀኑ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.። እንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲገለበጥ እንዲህ ይሆናል፦ «ማሽኑ መለዋወጫ እንደሚያስፈልገው ተገልጿል። የግዢ ጥያቄው እስከ አራተኛው ሩብ ዓመት መጨረሻ ለሚመለከተው አካል ይቀርባል።» ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ዝርዝር ላይ ሲገባ ግን ሥራው ይሞታል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው «ይቀርባል» ነው። ማን ያቀርባል? እንግሊዝኛው አድራጊውን ደብቋል፣ አማርኛውም ደበቀለት። «የሚመለከተው አካል» ደግሞ ቢሮ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን እኔ ነኝ የማይለው ስም ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሼ አጀንዳ 4ን አነባለሁ። እዚያ የማሽኑን ብልሽት ያስረዳው የመስክ አስተባባሪው ነው፤ ዋጋ አሰባስባለሁ ያለችው ግን የግዢ ባለሙያዋ ናት። ብልሽቱን ያነሳው ሰው ሁሉ ፈጻሚ አይደለም። ፈጻሚዋ እሷ ናት፣ ተቀባዩ ደግሞ የፋይናንስ ክፍሉ።

ሁለተኛው ችግር ቀኑ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ለጋሹ አራተኛ ሩብ ዓመት ሲል ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 የሚያልቀውን የራሱን ዓመት ማለቱ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራልና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ያንኑ ቃል ሰኔ 30 ብሎ ያነበዋል። ልዩነቱ ከስድስት ወር በላይ ነው። ማሽኑ ለጥር ከተፈለገ በሰኔ የሚቀርብ የመለዋወጫ ጥያቄ ምንም አይረባም። «ሩብ ዓመት» የሚለውን ቃል ዝርዝር ውስጥ አላስገባም፤ ቀን ብቻ እጽፋለሁ።

ቀን ስገለብጥ የሳምንቱን ቀን አብሬ እጽፋለሁ፣ ስህተት የሚያዘው በሱ ነውና። ኖቬምበር 15 ቀን 2024 አርብ ነው፤ ኅዳር 6 ቀን 2017ም አርብ መሆን አለበት። በቃል የተያዘ ሒሳብ ግን ያታልላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ለምሳሌ በ2016፣ ኅዳር 1 ያረፈው ኖቬምበር 10 ላይ ሳይሆን 11 ላይ ነበር። ሰዓትም እንደዚያው ነው፦ የእነሱ ከቀኑ 2 ሰዓት የእኛ 8 ሰዓት ነው።

ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ይወጣል፦ «የግዢ ባለሙያዋ የማሽኑን መለዋወጫ የግዢ ጥያቄ ለፋይናንስ ክፍል ታቀርባለች፤ እስከ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. (አጀንዳ 4፣ ገጽ 6)።» ገጹን የምጽፈው የሚጠራጠር ሰው እንግሊዝኛውን በአንድ ደቂቃ እንዲያገኘው ነው።

በዚያው ቃለ ጉባኤ ገጽ 9 ላይ ደግሞ «ወረዳዎቹ ጀልባ ያዘጋጃሉ» የሚል አለ። የትኛው ወረዳ፣ ስንት ጀልባ፣ እስከ መቼ፣ በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም። ይህን በግምት አልሞላውም። «ፈጻሚና ቀን አልተወሰነም» ብዬ እጽፋለሁ፣ ዝርዝሩ ለወረዳዎቹ ከመሄዱ በፊትም ለሰብሳቢው ደውዬ እጠይቃለሁ።