የኬሚካል ሌብልና አቀማመጥ፦ የምርጫ ጥያቄ ክለሳ ከነማብራሪያው

በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ለብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ ለሚባለው ፈተና፣ የሚዘጋጁ ሰልጣኞች ከሚከልሷቸው ርዕሶች አንዱ የኬሚካል ሌብልና አቀማመጥ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው በእጅ ከነበሩት ምንጮች፣ ማለትም ከጠርሙሶቹ ሌብሎች፣ ከአምራቾች የደህንነት መረጃ ሰነዶችና የስቶር ሠራተኞች በሥራ ካዳበሩት ልማድ ነው። በዚህም የተነሳ አሲዶችና ተቀጣጣይ ፈሳሾች ሰፊውን ቦታ ሲይዙ የጋዝ ሲሊንደሮች አልተካተቱም።

ዛሬ በጠርሙሶች ላይ የሚታየው ነጭ መደብና ቀይ ጠርዝ ያለው፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ካሬ ምልክት የመጣው ጂኤችኤስ ከሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው የአካባቢና የልማት ጉባኤ ላይ ተቀባይነት አገኘ፤ ሰነዱም በ2002 ጸድቆ በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ከዚያ በፊት አንዱ ኬሚካል በአንድ አገር «መርዝ» ተብሎ በሌላው አገር «ጎጂ» ብቻ ሊባል ይችል ነበር፤ ዕቃው ድንበር ሲሻገር አደጋው የተለወጠ ይመስል ነበር ማለት ነው። አውሮፓ የራሷን ብርቱካናማ ካሬዎች ትታ ወደ አዲሱ ሥርዓት የገባችበት ደንብ በ2008 የወጣ ሲሆን፣ አሜሪካ ደግሞ በ2012 ባሻሻለችው የሥራ ቦታ ደንብ ተከትላለች። እኛ ዘንድ በቆዩ መደርደሪያዎች ላይ ብርቱካናማው ካሬ ዛሬም ስለሚገኝ፣ በላዩ ያለው ትልቅ የመስቀለኛ ምልክት በአዲሱ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ በቃለ አጋኖ መተካቱን ማወቅ ለተፈታኙ ይጠቅማል።

የተሟላ ሌብል የኬሚካሉን ስም፣ የአምራቹን ወይም የአቅራቢውን ማንነት፣ ሥዕላዊ ምልክቶቹን፣ የአደጋ መግለጫዎቹን፣ የጥንቃቄ መግለጫዎቹንና ሲግናል ወርድ የሚባለውን አንድ ቃል ይይዛል። ሲግናል ወርዱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ «ዴንጀር» ለከባዱ፣ «ዋርኒንግ» ለቀለል ላለው አደጋ። የአደጋ መግለጫዎች በ H፣ የጥንቃቄ መግለጫዎች በ P ፊደል የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ጥያቄ 1። አንድ ጠርሙስ ላይ እጅንና ብረትን የሚበላ ፈሳሽ ምልክትና በክብ ላይ የሚነድ ነበልባል ምልክት አሉ፤ ከሥራቸውም H272 እና H314 ተጽፏል። ጠርሙሱ የያዘው የትኛውን ነው?
ሀ. ግላሲያል አሴቲክ አሲድ
ለ. 65% ናይትሪክ አሲድ
ሐ. ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ
መ. 96% ኢታኖል

መልሱ ለ ነው። H314 ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ማቃጠሉን ሲገልጽ፣ H272 ደግሞ ኬሚካሉ ኦክሲዳይዘር መሆኑን፣ ማለትም ራሱ ባይነድም የሌላውን እሳት እንደሚያባብስ ይናገራል። አሴቲክ አሲድም እንደ ናይትሪኩ የሚበላ ፈሳሽ ምልክት አለው፤ ሁለተኛው ምልክቱ ግን ክብ የሌለው ነበልባል ነው፤ ቁጥሩም ተቀጣጣይ ፈሳሽ መሆኑን የሚያመለክተው H226 ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነበልባል የለበትም፤ ኢታኖል ደግሞ የሚበላ ፈሳሽ ምልክት የለውም። ሁለቱ ነበልባሎች በችኮላ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ ተፈታኞች የሚሳሳቱት ሀ እና ለ ላይ ነው፤ ክቧን እንደ ኦክስጅን «ኦ» ማሰብ ለማስታወስ ይረዳል።

ጥያቄ 2። ከላይ ከተጠቀሱት አራት ኬሚካሎች በአንድ ካቢኔት ውስጥ አብረው ሊቀመጡ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው?
ሀ. ሁለቱ አሲዶች፣ ሁለቱም አሲድ ስለሆኑ
ለ. ናይትሪክ አሲድና ኢታኖል፣ ሁለቱም ፈሳሽ ስለሆኑ
ሐ. አሴቲክ አሲድና ኢታኖል፣ ሁለቱም ተቀጣጣይ ስለሆኑ
መ. አሴቲክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሁለቱም የሚበሉ ስለሆኑ

መልሱ ሐ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው ግን ሀን ነው፤ ምክንያቱም «አሲድ ከአሲድ ጋር» የሚለው አባባል ከትምህርት ቤት ጀምሮ በጆሯችን አለ። አባባሉ የሚሠራው ለእንደ ሃይድሮክሎሪክና ሰልፈሪክ ላሉ የማዕድን አሲዶች ነው፤ እነሱም ቢሆኑ በየራሳቸው የፕላስቲክ ትሪ ቢቀመጡ ይመረጣል። አሴቲክ አሲድ ካርቦን ያለው፣ በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከእሳት ጋር ሲገናኝ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። የተከማቸ ናይትሪክ አሲድ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ሲገናኝ ሙቀትና መርዛማ ቡናማ ጋዝ ይፈጠራል፤ ይህ የሆነው በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ከኢታኖል ጋር ሲሆን ደግሞ አጸፋው መጀመሪያ ዝም ያለ መስሎ ቆይቶ በድንገት ሊገነፍል መቻሉ ነው አታላይ የሚያደርገው። መ የተሳሳተው የተከማቸ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ በኃይል ስለሚሞቁና ስለሚፈናጠሩ ነው።

አሴቲክ አሲዱ ተቀጣጣይ ፈሳሾች ካቢኔት ውስጥ ሲገባ የካቢኔቱን ብረት እንዳይበላው በፕላስቲክ ትሪ ላይ፣ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። አንዳንድ ተቋማት ለኦርጋኒክ አሲዶች የተለየ ካቢኔት ይመድባሉ፤ ይህም ትክክል ነው፤ በምርጫው ውስጥ ከመጣም የተሻለው መልስ እሱ ነው። ናይትሪክ አሲዱ ግን ከሁሉም ተነጥሎ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ ከዓይን ከፍታ በታች ይቀመጣል። ብርሃን ሲያገኘው ስለሚበሰብስ በቡናማ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ሲበላሽ ቢጫ ይሆናል፣ ክዳኑም ሊደርቅና ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ቢፈስ በሰጋቱራ ወይም በወረቀት መጥረግ ራሱ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ስቶሩ አጠገብ ደረቅ አሸዋ ይዘጋጃል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የፊደል ተራ ጉዳይ ነው። ጠርሙሶችን በእንግሊዝኛ ስማቸው ተራ መደርደር ለቆጠራ ምቹ ይሁን እንጂ ሶዲየም ሳያናይድንና ሰልፈሪክ አሲድን በአንድ ፊደል ሥር ያጎራብታቸዋል፤ የሁለቱ መገናኘት ገዳዩን የሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ይለቃል። ጠንቃቃ የስቶር ሠራተኛ መጀመሪያ በአደጋ ዓይነት ይለያል፤ የፊደል ተራን የሚጠቀመው በየምድቡ ውስጥ ብቻ ነው። ሌብሉ ምን አደጋ እንዳለ እንጂ ከማን ጋር መጎራበት እንደሌለበት ሁልጊዜ ስለማይናገር፣ ባለ 16 ክፍሉ የደህንነት መረጃ ሰነድ በክፍል 7 ስለ አቀማመጥ፣ በክፍል 10 ስለማይስማሙ ነገሮች የሚለው ይታያል።

ጥያቄ 3። በኢታኖል በርሜል ላይ ባለ አራት ቀለም ዳይመንድ ተለጥፏል፤ በቀዩ ክፍል 3 ይላል። የደህንነት መረጃ ሰነዱ ግን «ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ምድብ 2» ይላል። ትክክለኛው አባባል የትኛው ነው?
ሀ. አንደኛው ስህተት ነው
ለ. ዳይመንዱ የሚገልጸው አደጋ ከሰነዱ ይበልጣል
ሐ. ቁጥሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚቆጥሩ አይጋጩም
መ. በርሜሉ ውስጥ ያለው የተቀላቀለ ፈሳሽ ነው

መልሱ ሐ ነው። ዳይመንዱ ኤንኤፍፒኤ 704 የሚባለው፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የተዘጋጀ የአሜሪካ ምልክት ሲሆን ከ0 ጀምሮ እስከ 4 ይወጣል፤ 4 የከፋው ነው። በጂኤችኤስ ግን የከፋው ምድብ 1 ነው። ዳይኤቲል ኤተር በዳይመንዱ 4፣ በጂኤችኤስ ምድብ 1 ነው፤ ኢታኖል 3 እና ምድብ 2፤ አሴቲክ አሲድ 2 እና ምድብ 3። ይህን ያየ ተፈታኝ «ድምራቸው አምስት ነው» ብሎ ሕግ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሥርዓቶች የሙቀት ድንበራቸው ስለማይገጥም ደንቡ ምድብ 4 ላይ ይፈርሳል። አቅጣጫውን እንጂ ድምሩን መያዝ አይበጅም።

ጥያቄ 4። በመደርደሪያ ላይ የተገኘ የዳይኤቲል ኤተር ጠርሙስ «12/03/2015 ተከፈተ» የሚል የእጅ ጽሑፍ አለው። በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ክሪስታል ይታያል። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?
ሀ. ክዳኑን በቀስታ ከፍቶ በመመርመሪያ ስትሪፕ ይለካል
ለ. ክዳኑን በሞቀ ውሃ ያጥባል
ሐ. ሳይነካው ሰው ያርቃል፣ ለኃላፊውም ያሳውቃል
መ. ፍሪጅ ውስጥ ያስገባዋል

መልሱ ሐ ነው። ኤተር ከአየር ጋር ሲቆይ ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ክሪስታሉ በክዳኑ ጥርስ መካከል ካለ የመክፈቱ ፍትጊያ ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ስትሪፕ መጠቀም ክሪስታል ለማይታይበትና ዕድሜው ለሚታወቅ ጠርሙስ ነው። የቤት ፍሪጅ ፐርኦክሳይዱን አያስቆምም፤ ኤተር በ35 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ስለሆነ ትነቱ በፍሪጁ ውስጥ ተጠራቅሞ ከቴርሞስታቱ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው የተለያየ መልስ አለ፤ ስድስት ወር የሚሉ አሉ፣ ሦስት ወር የሚሉም አሉ፤ በፈተና ላይ ጥያቄው የጠቀሰው መመሪያ ያለው ይወሰዳል።

የዚህ ጥያቄ ሁለተኛ ፊት ቀኑ ነው፤ ይህ ደግሞ የኛ የራሳችን ፈተና ነው። ቴክኒሻኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2022 ነው። በአውሮፓ አጻጻፍ የሚያነበው ማርች 12፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የሚያነበው ዲሴምበር 3 ቀን 2015 ይለዋል። በንባቦቹ መካከል ስድስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ልዩነት አለ፤ ፐርኦክሳይድ ደግሞ በወራት የሚቆጠር ነገር ነው። የአምራቹ የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ታትሞ የእጅ ጽሑፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ግራ መጋባቱ ይብሳል። ስለዚህ ወሩ በስሙ ይጻፋል፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይታከልበታል፣ የተቀበለበትና የተከፈተበት ቀን ለየብቻ ይሰፍራል፣ የከፈተውም ሰው ይፈርማል።

ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንሽ ዕቃ የሚገለበጥ ኬሚካልም ቢያንስ ስሙ፣ መጠነ ክምችቱ፣ የአደጋ ምልክቱና ቀኑ ይጻፍበታል። በየቤቱ በሃይላንድ የሚቀመጠው በረኪና በላቦራቶሪ ፈጽሞ የማይፈቀደው ሰው የሚጠጣውን ዕቃ ስለሚመስል ነው። በምርጫ ጥያቄ «ሃይላንዱ ላይ በፓርከር ስሙ ቢጻፍስ?» የሚል አማራጭ ከመጣ መልሱ አሁንም አይሆንም ነው፤ የተጻፈው በአሴቶን እጅ አንድ ጊዜ ሲነካ ይጠፋል፤ ጠርሙሱ ግን የመጠጥ ጠርሙስ መስሎ ይቀራል።