ሱቅን ጉግል ማፕ ላይ ማስመዝገብ፦ ከፒኑ እስከ የሥራ ሰዓቱ

ጉግል ማፕ ላይ አንድ ሱቅ ስንነካ ስሙ፣ ስልኩ፣ ዌብሳይቱና የሥራ ሰዓቱ ይወጣል። ይህን መረጃ ባለቤቱ የሚያስተካክለው ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በሚባል አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2021 ነው። ምዝገባው ነፃ ነው። «ካርታ ላይ አወጣላችኋለሁ» ብሎ ብር የሚቀበል ሰው የሚያስከፍለው ለራሱ ድካም ብቻ ነው። የጂሜይል አድራሻ ያለው ማንኛውም ባለሱቅ business.google.com ገብቶ ራሱ መጨረስ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛ አካባቢ ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ፋርማሲን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራል። እሁድ ከረፋዱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት።

ባለቤቱ አዲስ ከመመዝገቡ በፊት የፋርማሲውን ስም ካርታው ላይ መፈለግ አለበት። ብዙ ጊዜ ደንበኛ ወይም በአካባቢው ያለፈ ሰው ቦታውን ቀድሞ ጨምሮት ይገኛል። እዚያው ላይ ባለቤትነቱን መጠየቅ እየተቻለ ሁለተኛ ከተፈጠረ ደንበኛው ለአንድ ሱቅ ሁለት ፒን፣ ማለትም ሁለት የቦታ ምልክት ያያል። አስተያየቱም ለሁለት ይከፈላል። ቦታው በሌላ ሰው ጂሜይል ተይዞ ከተገኘም መንገድ አለ። የባለቤትነት ጥያቄ ሲላክ የያዘው ሰው መልስ እንዲሰጥ 3 ቀን ይሰጠዋል፤ ዝም ካለ ጠያቂው በራሱ ማረጋገጫ እንዲቀጥል ሊፈቀድለት ይችላል። እኛ ጋ ይህ ችግር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሱቁን በራሱ ጂሜይል አስመዝግቦ ሥራ ከለቀቀ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ዋናው ባለቤት የሱቁ ጌታ ይሁን፤ ሠራተኛው በማናጀርነት ይጨመር።

ስሙ ታፔላው ላይ እንዳለው ይጻፋል። «ምርጥ ፋርማሲ በመገናኛ፣ መድኃኒትና ኮስሞቲክስ በቅናሽ» ብሎ ማስረዘም ጉግል የሚከለክለው ነገር ነው፤ ፕሮፋይሉን እስከማሳገድ ያደርሳል። ምን እንደሚሸጥ የሚነገረው በስሙ ሳይሆን በዘርፉ ነው። አንድ ዋና ዘርፍ ይመረጣል፤ ከፈለጉ እስከ ዘጠኝ ተጨማሪ ዘርፍ መጨመር ይቻላል። የኛ ፋርማሲ ዋና ዘርፉ ፋርማሲ ከሆነ በቂ ነው። የማይሠሩትን ዘርፍ መደርደር ጥቅም የለውም።

አድራሻው ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ሰው አቅጣጫ የሚይዝበት ነገር አይደለምና። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደግሞ እንደ ቦታ አድራሻ አይቆጠርም። እዚህ ላይ የሚያድነው ፒኑ ነው። ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሮ ፒኑን በሕንፃው መግቢያ በር ላይ ማስቀመጥ ነው። በር እንጂ ጣሪያው መሃል አይደለም። ፒኑ ከኋላ በኩል ካረፈ ካርታው ደንበኛውን በጓሮ መንገድ ይወስደዋል፤ አጥር ላይ ያደርሰውና «ደርሰዋል» ይለዋል።

የመንገድ ስም በማይታወቅበት አካባቢ ሌላው ረዳት ፕላስ ኮድ ነው። ጉግል ያወጣው አጭር ኮድ ሲሆን በግምት 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነ ቦታን ያመለክታል። መስቀል አደባባይ አካባቢ ለምሳሌ 2Q66 ብሎ ይጀምራል፤ ከመደመር ምልክቱ በኋላ ሁለት ምልክት ይከተላል። ካርታው ላይ ነጥቡን ጫን ብለው ሲይዙ ይወጣል። ኮዱ ፎቁን አይነግርም። ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ የሕንፃውን ስምና ፎቁን በአድራሻው መስመር ላይ መጻፍ ግድ ነው። ስልኩም +251 ብሎ፣ ከፊት ያለችውን ዜሮ ጥሎ ይገባል።

ከዚያ ማረጋገጫ ይመጣል። እንደየሁኔታው በስልክ፣ በኢሜይል፣ በፖስታ ወይም በቪዲዮ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሚቀርብ የሚወስነው ጉግል ነው። ቪዲዮ ከመጣ ሰው የሚወድቅበት ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፤ የሱቁን ውስጥ ብቻ አሳምሮ ይቀርጻል። ቪዲዮውን የሚያየው የጉግል ተቆጣጣሪ ሦስት ነገር ማየት ይፈልጋል። ቦታው ካርታው ባለበት መሆኑን፣ ሱቁ በእርግጥ መኖሩን፣ ቀራጩም የማዘዝ መብት ያለው ሰው መሆኑን። ስለዚህ የኛ ባለፋርማሲ ከውጭ ይጀምራል። መንገዱንና የጎረቤት ሕንፃዎችን ያሳያል፣ ወደ ታፔላው ያቀናል፣ በሩን በቁልፍ ይከፍታል፣ መደርደሪያውን ያሳያል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ይገባል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ላይ ትንሽ ይቆያል። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆረጥ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ። የሰው ፊትና የባንክ መረጃ አይግባበት። ታፔላው ላይ ያለው ስምና የተመዘገበው ስም ከተለያዩ ቪዲዮው ቢያምርም ይመለሳል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በእኔ እምነት ኢትዮጵያ ውስጥ ካርታ ላይ ያለ መረጃ ከምንም በላይ የሚበላሸው እዚህ ነው።

እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ጉግል የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት። ባለፋርማሲው «ከ2 እስከ 3» ብሎ ያስባል። ስልኩ ጠዋትን AM፣ ከሰዓትን PM ብሎ ስለሚጠይቀው 2:00 AM እና 3:00 PM ብሎ ያስገባል። ለእሱ ትክክል ነው። ለካርታው ግን ፋርማሲው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይከፍታል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ይዘጋል ማለት ነው። ከሥራ ወጥቶ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው በቀይ «ተዘግቷል» የሚል ያነባል፣ ሌላ ጋ ይሄዳል። ፋርማሲው ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጉግል በአቅራቢያ ያሉ ሱቆችን የሚያስቀድመው ከፍለጋው ጋር ባላቸው ተዛማጅነት፣ በርቀትና በታዋቂነት እንደሆነ ይገልጻል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሰው «ፋርማሲ» ብሎ በጥቅሉ ሲፈልግ በዚያ ሰዓት ክፍት መሆን ከበፊቱ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ስለዚህ በስህተት «ተዘግቷል» የሚባል ሱቅ የሚያጣው ስሙን ያዩትን ደንበኞች ብቻ አይደለም። ወደ ታች ስለሚወርድ ጭራሹን ሳያዩት የሚያልፉም አሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለቀን ሰዓት 6 ይደመራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00 ይሆናል። ለማታ ሰዓት 18 ይደመራል፤ ምሽት 3 ሰዓት 21:00 ይሆናል፣ ምሽት 12 ሰዓት ደግሞ ራሱ የመሸጋገሪያው ሰዓት ስለሆነ 18:00 ነው። ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀነሳል፤ ሌሊት 8 ሰዓት 26 ሳይሆን 02:00 ይሆናል። የፋርማሲያችን ሰዓት በትክክል ሲገባ ይህን ይመስላል፦

```
ሰኞ–ቅዳሜ   08:00–21:00
እሁድ       10:00–18:00
```

አርብ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 የሚሠራ ምግብ ቤት ደግሞ በአርብ ስር 18:00–02:00 ብሎ ያስገባል። ሌሊቱን ቅዳሜ ላይ ለይቶ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሲስተሙ ወደ ማግስቱ እንደተሻገረ ይረዳዋል።

ትክክል መግባቱ የሚታወቀው በባለቤቱ ስልክ አይደለም። በሌላ ሰው ስልክ የሱቁን ስም ፈልጉ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ «ክፍት ነው፣ 9 PM ይዘጋል» የሚል ከወጣ ጉዳዩ አልቋል። «3 PM» የሚል ካያችሁ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው የተምታታው።

በዓላት ላይም ተመሳሳይ መምታታት አለ። ልዩ ሰዓት የሚገባበት Special hours የሚባል ቦታ አለ፤ ቀኑን የሚቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የ2019 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ይውላል። የ2020ው ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው፤ በ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች። ያለፈውን ዓመት ቀን ዝም ብሎ መገልበጥ በአንድ ቀን ያሳስታል። ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚቀያየር በየጊዜው ማስገባት ነው። ሱቁ ለእድሳት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘጋ ከሆነ ልዩ ሰዓት ሳይሆን ለጊዜው ተዘግቷል የሚለው ምርጫ ነው ትክክለኛው።

አንድ ጊዜ በትክክል ማስገባትም በቂ አይደለም። ማንም ሰው Suggest an edit የሚለውን ነክቶ ሌላ ሰዓት ሊጠቁም ይችላል። ጉግል ጥቆማውን ተቀብሎ ሊቀይረው ይችላልና የተመዘገበበትን ኢሜይል የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የዌብሳይቱ ቦታ የድርጅቱን የራሱን ገጽ ይፈልጋል። ጉግል ድሮ ከፕሮፋይሉ ጋር ነፃ ገጽ ይሰጥ ነበር፤ በማርች 2024 አቁሞታል። አድራሻው በ business.site የሚያልቅ ሊንክ አሁንም ካለ የትም አያደርስምና መነሳት አለበት። ባለፋርማሲው ገጽ ካለው አድራሻውን ሙሉውን፣ ከ https ጀምሮ ይጻፍና በስልክ ዳታ ከፍቶ ይሞክረው። ገጹ ላይ ያለው ሰዓት ካርታው ላይ ካለው ጋር መስማማት አለበት። የአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ቢል፣ የእንግሊዝኛው 8:00 AM ቢል አይጋጭም። የእንግሊዝኛው ገጽ 2:00 ካለ ግን አንባቢውም ካርታውም ግራ ይጋባሉ።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ሁኔታ አላቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤቷ እንጀራ ጋግራ የምታደርስ ሴት የቤቷን አድራሻ ለሕዝብ ማሳየት የለባትም። አድራሻውን ደብቃ የምታደርስባቸውን አካባቢዎች፣ እስከ 20 ድረስ፣ ታስገባለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯል። የተዛወረ ሱቅ አዲስ ፕሮፋይል መክፈት የለበትም። ነባሩ ላይ አድራሻውንና ፒኑን ይቀይራል፤ እንደገና ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል፣ አስተያየቶቹ ግን አብረውት ይሄዳሉ። አሮጌው ፒን ካልተነሳ ካርታው ሰውን ወደፈረሰው ሕንፃ መላኩን ይቀጥላል።

ካርታ ሲባል ጉግል ብቻ አይደለም። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለውን ካርታ ማንም ሰው ያርመዋል፤ ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አፖችም ከእሱ ይወስዳሉ። እዚያ የፋርማሲያችን ሰዓት በአንድ መስመር ይጻፋል፦

```
opening_hours=Mo-Sa 08:00-21:00; Su 10:00-18:00
```

የአማርኛ ስሙ ደግሞ name:am በሚለው ስር ለብቻው ይገባል። አይፎን የሚይዙ ደንበኞች ላሉት ሰው አፕል በ2023 አፕል ቢዝነስ ኮኔክት በሚል ስም የከፈተው ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። የትኛውም ላይ ሲመዘገብ ስሙ፣ ስልኩና ሰዓቱ ጉግል ላይ ከገባው ጋር አንድ ይሁን፤ የሥራ ሰዓት በተቀየረ ቁጥርም ሁሉም ጋ በአንድ ቀን ይቀየር።