አንድ ስም ያለው ባለ ሁለት ባንድ ራውተርና የቆየ ፕሪንተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለቱ ባንዶች አንድ ስም ስላላቸው አሮጌው ፕሪንተር ግራ ይጋባል፤ ስማቸው ካልተለያየ አይገናኝም።»

ሁለቱ ባንዶች ራውተሩ ዋይፋይ የሚያሰራጭባቸው የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዝ ሞገዶች ናቸው። እንደ አሮጌው ፕሪንተር በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ዕቃ የ5 ጊጋኸርዙን ሞገድ የሚቀበል ክፍል ጨርሶ ስለሌለው፣ ራውተሩ በሁለቱም ባንዶች አንድ ስም ቢያሰራጭም ለእሱ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። ስልኮችን ወደ ፈጣኑ ባንድ የሚመራው Smart Connect የተባለው ቅንብር ቢበራ እንኳ፣ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ወደዚያ የሚመራበት መንገድ የለውም። ስሞቹን ለያይተው ችግሩ የተፈታላቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከስሙ ጋር አብሮ የተለወጠው የደኅንነት ቅንብር ነው።

ለምሳሌ በደሴ ሸዋ በር አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ራውተሩን በአዲስ ቢተካና የቀድሞውን ስምና የይለፍ ቃል ቢሰጠው፣ ላፕቶፑና ስልኮቹ ወዲያው ሲገናኙ ፕሪንተሩ ብቻውን እምቢ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዋይፋዩ ስም በፕሪንተሩ ስክሪን ላይ መውጣት አለመውጣቱ ነው፤ ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

ስሙ ከወጣና ትክክለኛው የይለፍ ቃል ተጽፎም ካልተገናኘ፣ መጠርጠር ያለበት WPA3 ነው። ይህ የደኅንነት ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፕሪንተሮች በአብዛኛው አያውቁትም። ሁለቱ ባንዶች በአንድ ስም ሲጠቃለሉ ደግሞ በብዙ ራውተሮች ላይ የደኅንነት ምርጫቸውም አንድ ስለሚሆን፣ ለአዲሶቹ ስልኮች ተብሎ የተመረጠው WPA3 አሮጌውን ዕቃ በር ላይ ያስቀረዋል። ስሞቹ ሲለያዩ የ2.4 ጊጋኸርዙ ከWPA3 በፊት ወደነበረው WPA2 ሊመለስ ስለሚችል «ስሙ ነበር ችግሩ» የሚለው እምነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ስሙን ሳይነኩ፣ በራውተሩ የዋይፋይ ደኅንነት ገጽ ላይ መጀመሪያ WPA2/WPA3 የሚለውን ቅይጥ ምርጫ መሞከር፣ ፕሪንተሩ አሁንም ካልተቀበለ ወደ WPA2-PSK (AES) መውረድ ይበቃል። ከዚያ በታች በቀላሉ ወደሚሰበረው አሮጌ WEP መውረድ ወይም የይለፍ ቃሉን ማንሳት ግን ለአንድ ፕሪንተር ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ስሙ ጭራሹን ካልወጣ ነገሩ ሌላ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላካቸው ብዙ ዕቃዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚያዩት ከቻናል 1 እስከ 11 ድረስ ያለውን ብቻ ነው፤ ራውተሩ ግን ቻናሉ Auto ላይ ሲሆን 12ን ወይም 13ን ሊመርጥ ይችላል። የ2.4 ጊጋኸርዙን ቻናል በ1፣ በ6 ወይም በ11 ላይ ማጽናት፣ የቻናሉንም ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ማድረግ ያስፈልጋል።

«ላፕቶፑ በ5፣ ፕሪንተሩ በ2.4 ከሆነ አንዱ ሌላውን አያገኘውም።»

ሁለቱ ባንዶች ወደ አንዱ ራውተር የሚያስገቡ ሁለት በሮች ናቸው፤ ከገቡ በኋላ ዕቃዎቹ የሚገኙት በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ አድራሻው 192.168.1.10፣ ፕሪንተሩ 192.168.1.25 ከሆነ፣ በየትኛው ባንድ እንደገቡ ለኅትመቱ ለውጥ አያመጣም። እውነተኛው መሰናክል ለፕሪንተሩ ተብሎ በ2.4 ጊጋኸርዝ የእንግዳ ዋይፋይ መክፈት ነው፤ የእንግዳው ኔትወርክ በተለምዶ ከዋናው የተነጠለ ስለሆነ ፕሪንተሩ «ተገናኝቷል» እያለ ላፕቶፑ ግን አያየውም። ይህ ሲሆን የሚጠፋው ጊዜ ከመጀመሪያው ችግር ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው ፕሪንተሩ ውስጥ ነው።

«አንድ ቀርፋፋ ዕቃ ከገባ ሁሉም ይቀርፋፋል።»

በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ያሉት አይነኩም፤ የሁለቱ ባንዶች ሬዲዮ ለየብቻ ነው። በ2.4 ላይ ያሉት ግን አየሩን በተራ ስለሚጠቀሙ፣ ቀርፋፋው ዕቃ መረጃ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ፕሪንተር ደግሞ አብዛኛውን ቀን ዝም ብሎ የሚውል ዕቃ ነው።

«ዕቃውን በስልክ ሳስገናኝ ስልኬ የግድ በ2.4 ላይ መሆን አለበት።»

ይህ በከፊል እውነት አለው። የስልኩ አፕሊኬሽን ዕቃው ራሱ ለጊዜው በሚያሰራጨው ዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ ገብቶ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚያቀብል ከሆነ፣ ስልኩ ቀድሞ በየትኛው ባንድ እንደነበረ ዋጋ የለውም። አንዳንድ ርካሽ የዋይፋይ ሶኬቶችና አምፖሎች ግን የይለፍ ቃሉን የሚያገኙት ስልኩ ወደ ራውተሩ ከሚልከው ሞገድ አዳምጠው ነው፤ ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ ከሆነ የሚሰሙት ነገር የለም። ለእነዚህ በራውተሩ ላይ 5 ጊጋኸርዙን ለጥቂት ደቂቃ ማጥፋት፣ ዕቃው ከተገናኘ በኋላም መልሶ ማብራት ይገባል፤ ስሙና የይለፍ ቃሉ እስካልተለወጠ ድረስ ዕቃው በ2.4 ላይ እንደተገናኘ ይቆያል።