የውጭ ቋንቋ ሰነድን በአማርኛ ማሳጠር

አንድ የውጭ ቋንቋ ሰነድ አሳጥሮ በአማርኛ ማቅረብ ሁለት ሥራ ነው። መተርጎም አለ፣ መቀነስም አለ። ተርጓሚ ያገኘውን ሁሉ ያሻግራል፤ የሚያሳጥር ሰው ግን ምን እንደሚቀር ይወስናል። ዓረፍተ ነገር ቢያጥር፣ ማብራሪያ ቢቀር ችግር የለም። ስም፣ የሙያ ቃልና ቁጥር ግን እንደዚያ አይደሉም። ከነጭራሹ ሊተዉ ይችላሉ፤ ከገቡ ግን ልክ እንዳሉ ነው መግባት ያለባቸው።

ሥራው በየቀኑ ይሠራል። ዶይቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት ከጀመረበት ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ከ1982፣ ቢቢሲ አማርኛ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ያላወጣ የዜና ክፍል የለም ማለት ይቻላል። የጠበቃ ቢሮም ይሠራዋል። ጀርመን ሀገር ያለ ልጅ ለእናቱ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ሲያስረዳም ያው ሥራ ነው።

እዚህ አንድ ሰነድ ይዤ ልሂድ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ በተለምዶ አይኤምኤፍ የምንለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 29፣ 2024) ስለ ኢትዮጵያ ያወጣው መግለጫ ነው። በዚያው ሰሞን ሁሉም ስለጻፈበት ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። የእንግሊዝኛው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ የድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ለኢትዮጵያ የ4 ዓመት ብድር አፀደቀ፤ የብድሩ ዓይነት የተራዘመ የብድር አቅርቦት የሚባለው ነው፤ መጠኑ ድርጅቱ ራሱ በሚጠቀምበት መለኪያ 2.556 ቢሊዮን ኤስዲአር፣ ማለትም ሀገሪቱ በድርጅቱ ያላት ድርሻ፣ ኮታዋ የሚባለው፣ 850 በመቶ ወይም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ወዲያውኑ ይለቀቃል።

አሁን ይህን የሚመስል ርዕስ እንውሰድ፦ «ኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተሰጣት።» ቁጥሩ ልክ ነው። ስሙ ልክ ነው። ዜናው ግን ስህተት ነው። ያንን ቀን የተለቀቀው 1 ቢሊዮን ገደማ ነው። ሌላው በ4 ዓመት ውስጥ፣ ድርጅቱ የፕሮግራሙን አፈጻጸም እየገመገመ በየዙሩ የሚመጣ ነው። ደግሞም ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። እኔ ከዚህ የተማርኩት ቁጥር ብቻውን እንደማይጓዝ ነው። ግሱ አብሮት መሄድ አለበት፦ ፀደቀ፣ ተለቀቀ፣ ተገመተ፣ ቃል ተገባ። መለኪያውና ጊዜውም እንደዚሁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም እንኳ አንባቢው ጋ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጽፍ ሰነዱን በእርሳስ አነባለሁ። ስሞቹን፣ የሙያ ቃላቱንና ቁጥሮቹን እያወጣሁ ወረቀት ላይ እደረድራለሁ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አራት ነገር እጽፋለሁ፦ በምን መለኪያ (ዶላር፣ ኤስዲአር፣ በመቶ)፣ የመቼ፣ ማን አለ፣ ምን ተደረገበት። «3.4 ቢሊዮን፣ ዶላር፣ ገደማ፣ በ4 ዓመት፣ ቦርዱ፣ ፀደቀ።» ከዚያ ዋናውን ሰነድ ዘግቼ ከዚህ ወረቀት እጽፋለሁ። ሰነዱን ከፍቶ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ይከተላል። እንግሊዝኛ ግሱን ቶሎ ይናገርና ዝርዝሩን ከኋላ ይቀጥላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ያ ሁሉ ዝርዝር ከፊት ይከመራል፣ አንባቢው ግሱ ጋ ሲደርስ ማን ምን እንዳደረገ ጠፍቶበታል። መፍትሔው መቆራረጥ ነው። የእንግሊዝኛው አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሦስት ቢሆን ምንም አይደለም።

ትናንሽ ቃላት ትልቅ ጉዳት ያደርሳሉ። «ገደማ» ሁሌም ይጣላል፣ ምክንያቱም ትርፍ ይመስላል። እዚህ ግን ሥራ አለው። ብድሩ የተፈቀደው በኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር፣ በአማርኛ ልዩ የገንዘብ ማውጣት መብት የሚባለው፣ የድርጅቱ የራሱ መለኪያ ስለሆነ የዶላር ዋጋው ይለዋወጣል። ዶላሩ የዚያን ቀን ግምት ነው። ሌላዋ አስቸጋሪ ቃል የእንግሊዝኛዋ «ኦቨር» ናት። ከገንዘብ በፊት ስትመጣ «ከ… በላይ» ማለት ነው። ከጊዜ በፊት ስትመጣ ግን ብዙውን ጊዜ «በ… ውስጥ» ነው። የ4 ዓመቱን ፕሮግራም «ከአራት ዓመት በላይ የሚቆይ» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን አውቆታል፣ ቦታውን ግን አላየውም።

ሰነዱ ራሱ ማረጋገጫ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። የኢትዮጵያ ኮታ 300.7 ሚሊዮን ኤስዲአር ነው። 850 በመቶ ማለት 8.5 እጥፍ ነው። ስናባዛው 2,555.95 ሚሊዮን ይመጣል፣ ማለትም 2.556 ቢሊዮን። ገጠመ። አንድ ሰው ቸኩሎ «2.556 ቢሊዮን ዶላር» ቢጽፍ ይህ ስሌት ወዲያው ያጋልጠዋል። ሰነድ ውስጥ አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚወጣ ከሆነ በካልኩሌተር መሞከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በመቶ ላይ ግን ስሌትም አያድንም፣ ማወቅ ነው ያለብን። ግሽበት ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወረደ እንበል። «በ10 በመቶ ቀነሰ» ካልን ተሳስተናል። የ30 አስር በመቶ 3 ስለሆነ አንባቢው 27 ነው የሚያስበው። ትክክለኛው «በ10 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ» ነው። ቃሉ ለጆሮ ስለሚከብድ እኔ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጫፍ እጽፋለሁ፦ ከ30 ወደ 20 በመቶ። አንድ ጊዜ ይህን ስህተት እኔው ሠርቼ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ አንድ አንባቢ ነው የነገረኝ። ማረሚያ ወጣ፣ ግን የመጀመሪያው ብዙ ሰው ጋ ደርሶ ነበር።

ሰነዱ ከእንግሊዝኛ ውጭ ከሆነ የቁጥር አጻጻፉም ይለያል። በጀርመንኛ 1.250 ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ 3,4 ደግሞ ሦስት ነጥብ አራት። ነጥብና ኮማው ከእኛ ልማድ ተገላብጦ ይቀመጣል። ጀርመኖች «ቢሊዮን» ሲሉም እኛ ትሪሊዮን የምንለውን ነው፤ የእኛን ቢሊዮን «ሚሊያርደ» ይሉታል። ፈረንሳይኛም «ሚልያር» ይላል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው በሺህ እጥፍ ነው የሚሳሳተው።

ቀን ላይ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። መግለጫው «የ2024/25 በጀት ዓመት» ካለ በእኛ 2017 በጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.። ከ2024 ላይ 8 ቀንሶ 2016 ብሎ የሚጽፍ ያለፈውን ዓመት በጀት ነው የሚያወራው። ተራ ቀን ሲሆን ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ ወዲያ 8 ይቀነሳል። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ደግሞ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ የአንድ ቀን መዛነፍ አለ። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። በተለይ ለውል፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮና ለቪዛ ወረቀት ሁለቱንም ቀን መጻፍ ነው የሚሻለው።

የሙያ ቃል ሲመጣ ፈተናው ሰው በአፉ የለመደው ቃልና ሰነዱ ያለው አለመግጠማቸው ነው። በዚያ ሐምሌ ሁሉም ሰው «ዲቫሉዌሽን» ይል ነበር። ዲቫሉዌሽን መንግሥት ራሱ የምንዛሬውን ተመን ዝቅ ሲያደርግ ነው። የታወጀው ግን ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ነበር። ብር ረከሰ፣ ውጤቱ ለኪስ ተመሳሳይ ነው፤ ውሳኔው ግን ሌላ ነው። የዕዳ ሽግሽግና የዕዳ ስረዛም እንዲሁ ይቀላቀላሉ። ሽግሽግ የመክፈያ ጊዜውንና አከፋፈሉን ይለውጣል፣ ስረዛ ዕዳውን ያጠፋል። እኔ የማደርገው የታወቀ አማርኛ ካለው በአማርኛው መጻፍ፣ ከሌለው የውጭውን ቃል በፊደላችን ጽፎ አጠገቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር መፍታት ነው። አንዴ የመረጥኩትን ቃል እስከ መጨረሻው አልለውጥም። ለውበት ብሎ አንድ ጊዜ «የብድር አቅርቦት»፣ ቀጥሎ «የድጋፍ ማዕቀፍ»፣ ቀጥሎ «ፋሲሊቲ» የሚል ጽሑፍ አንባቢውን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ያሉ ያስመስልበታል።

ስም ቀላል ይመስላል። የውጭ ሰው ስም ከሆነ አጠራሩን ሰምቶ መጻፍ ነው፤ የድርጅቱን ኃላፊ ክሪስታሊና ጆርጂዬቫ ብሎ ከጀመረ እስከ መጨረሻው እንደዚያው። አክብሮቱም አይረሳ፣ እንግሊዝኛው «ሺ» በሚል ተውላጠ ስም ብቻ ስለጠራቸው «አለች» ብለን አናልፍም፤ «ብለዋል» ነው የሚባለው። ከባዱ የእኛው ስም በላቲን ተጽፎ ሲመለስ ነው። እንግሊዝኛው ተን እና ጠን፣ ከን እና ቀን፣ ቸን እና ጨን አይለይም። ጥላሁን እና ተካ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። የቦታ ስም ላይ ሰው ገምቶ ሲጽፍ ሌላ ወረዳ ይፈጥራል። ሰውዬው ራሱን እንዴት እንደሚጽፍ ከአማርኛ ምንጭ ማየት ነው፤ ካልተገኘ በማዕረጉ ወይም በሥራው መጥራት የተሳሳተ ስም ከመስጠት ይሻላል። ሁለተኛው ስም የአባት ስም መሆኑንም የውጭ ጸሐፊ ስለማያውቅ ሰውን በአባቱ ስም ብቻ ይጠራዋል። እኛ ወደ ራሱ ስም እንመልሰዋለን።

እንግዲህ የሐምሌው መግለጫ ቢያጥር እንዲህ ይሆናል፦

የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ቦርድ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አፀደቀ። ብድሩ በ4 ዓመት ውስጥ የሚለቀቅ ሲሆን 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማው ወዲያውኑ ይሰጣል። ድርጅቱ እንዳለው ገንዘቡ የሚደግፈው የመንግሥትን ሀገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያው የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረግንም ይጨምራል።

ኤስዲአሩን ጥዬዋለሁ፣ ምክንያቱም ለጠቅላላ አንባቢ ነው። ለባንክ ሠራተኛ ቢሆን እሱን አስቀድሜ ዶላሩን ከኋላው አደርገው ነበር። ከዚህ በኋላ የቀረው ምርመራ ከታች ወደ ላይ ነው፦ ከአማርኛው መጨረሻ እየጀመርኩ እያንዳንዱን ቁጥርና ስም በጣቴ ይዤ ሰነዱ ውስጥ ያለበትን መስመር እፈልጋለሁ። መስመሩ ካልተገኘ፣ ያ ነገር ከሰነዱ ሳይሆን ከእኔ ጭንቅላት የመጣ ነውና ይወጣል።