«አልተገኘም» ዜሮ አይደለም፦ ስለ አፈር ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቄራ አካባቢ ወንዝ ዳር ካሉ የአትክልት ማሳዎች፣ ለማነጻጸሪያም የወንዙ ውኃ ከማይደርስበት መሬት አፈር ሰብስቤያለሁ። ካድሚየምና እርሳስ እንዲለካልኝ እፈልጋለሁ። የኤኤኤስ ማሽኑ መመሪያ ለካድሚየም 0.0015 ሚ.ግ. በሊትር ይላል፤ ዲቴክሽን ሊሚት ብዬ ይህን ልጻፍ? ‹አልተገኘም› የተባለውንስ ዜሮ ብዬ ልሙላ? ናሙናውን በ105 ዲግሪ አድርቄ፣ በ2 ሚ.ሜ. ወንፊት ነፍቼ ባመጣ ይበቃል?»

እህቴ፣ አራት ኪሎ ያለው ቤተ ሙከራችን ውስጥ የመመረቂያ ሰሞን በመጣ ቁጥር ይህንኑ ጥያቄ እንመልሳለን። ከሁሉ የሚያደክመኝ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የመመሪያው ቁጥር የአፈርሽ ቁጥር አይደለም። አምራቹ ያንን ቁጥር ያገኘው በንጹህ አሲድ ውስጥ በተሟሟ ካድሚየም ነው፤ አፈር አልነካውም። የአንቺ አፈር ግን በአሲድ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ውኃ ይጨመርበታል። በየደረጃው ከአሲዱ፣ ከብርጭቆውና ከማጣሪያ ወረቀቱ ጥቂት ጥቂት ይገባበታል። ትክክለኛው መንገድ አፈር የሌለባቸውን 7 ብላንኮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልክ እንደ ናሙናው ማስኬድ ነው። ከዚያ የንባባቸውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በ3.14 ማባዛት፤ ዲቴክሽን ሊሚትሽ፣ ማለትም ካድሚየም መኖሩን በእርግጠኝነት መናገር የምንችልበት ዝቅተኛ መጠን፣ ይህ ነው።

በቁጥር እንየው። የብላንኮቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 0.002 ሚ.ግ. በሊትር ቢሆን፣ በ3.14 ሲባዛ 0.0063 ገደማ ይሆናል። ይህ ግን ገና የፈሳሹ ነው። 0.5 ግራም አፈር አፍልተን 50 ሚ.ሊ. ካደረስነው በ100 ይባዛል፤ ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ 0.63 ሚ.ግ. በኪ.ግ. ይሆናል። የመመሪያውን ቁጥር ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ 0.15 ትጽፊ ነበር፤ ከአራት እጥፍ በላይ ስህተት ማለት ነው። ያልተበከለ አፈር ብዙውን ጊዜ ከ0.5 በታች ካድሚየም ስላለው፣ የማነጻጸሪያ ናሙናዎችሽ ከሞላ ጎደል ሁሉም «አልተገኘም» ሊባሉ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ነው ዜሮ መሙላት ጉዳት የሚያመጣው። አንድ ተማሪ ማነጻጸሪያውን በሙሉ ዜሮ አድርጎ ሞላ፤ የብክለት እጥፉን ሊያሰላ ሲል በዜሮ ማካፈል አልተቻለም። 0.01 አስገባና ማሳው ላይ ያገኘውን 0.9 አካፈለበት፤ «90 እጥፍ ተበክሏል» ብሎም ጻፈ። እውነተኛው ማነጻጸሪያ 0.3 ቢሆን ኖሮ 3 እጥፍ ብቻ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ «<0.63» ብለሽ ጻፊ፤ እጥፍም አታስዪ።

ማነጻጸሪያው በእርግጥ እንዲለካ ከፈለግሽ፣ ናሙናው ሳይፈላ በፊት ንገሪን። 1 ግራም አፍልተን 25 ሚ.ሊ. ብናደርሰው ማባዣው 25 ብቻ ስለሚሆን፣ የብላንኮቹ መዋዠቅ ካልጨመረ እስከ 0.16 ድረስ መውረድ ይቻላል። ዋጋ ግን አለው፤ ፈሳሹ ጨው ይበዛበታል፣ ካድሚየም የሚለካበት 228.8 ናኖ ሜትር ላይም የሐሰት ንባብ ይመጣል። ስለዚህ የባክግራውንድ ማረሚያው መብራት በርቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ ጥቂት ናሙና ላይም የታወቀ መጠን ካድሚየም ጨምረን ምን ያህሉ እንደተመለሰ እናያለን። ከዚያም በታች የምትፈልጊ ከሆነ የኤኤኤስ ማሽኑ ነበልባል አይበቃም፤ ግራፋይት ፈርነስ ያስፈልጋል። እርሳስ ላይ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ አፈር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከካድሚየም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

«2 ሚ.ሜ. ወንፊት ይበቃል።» ለፒኤች አዎ። ለዚህ ግን አይሆንም። የ2 ሚ.ሜ. አንድ ጠጠር 11 ሚ.ግ. ያህል ይመዝናል፤ 0.5 ግራም ውስጥ 45 ገደማ ብቻ ይገባሉ። ከመካከላቸው አንዷ የቀለም ቅርፊት ብትሆን ውጤትሽን በሙሉ ትለውጠዋለች። የተነፋውን በደንብ ቀላቅለሽ አራት ቦታ ክፈዪ፤ ተቃራኒዎቹን ሁለት እሩብ ያዢና እንደገና ክፈዪ። በአስሮች የሚቆጠር ግራም ሲቀርሽ ያንን በሙሉ በአጌት ሙቀጫ ፈጭተሽ በ0.15 ሚ.ሜ. አሳልፊው። ሻካራ ሆኖ የቀረውን አትጣዪ፤ እስኪያልፍ ፍጪው። ወንፊቱ ናይለን ይሁን። ወደፊት ዚንክና መዳብ መለካት ካማረሽ፣ የናስ ወንፊት ሁለቱንም ከራሱ ይጨምርበታል።

«በ105 ዲግሪ ማድረቅ ይሻላል።» ጥላ ውስጥ፣ ንጹህ ፕላስቲክ ላይ አድርቂው። የወንዝ ዳር ጥቁር አፈር ኦቨን ውስጥ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ከዚያው ናሙና ላይ በኋላ ፎስፈረስ ላሠራ ብትዪም ሙቀቱ አበላሽቶታል። በመኪና መንገድ በኩል የተከፈተ መስኮት አጠገብ ግን አታስጪው፤ አቧራው ይገባበታል። 105 ዲግሪ የሚያስፈልገው ለእርጥበት ብቻ ነው፤ 10 ግራም ለይተሽ አድርቂ፣ የጠፋውን ክብደት አስዪ፣ ውጤቱን ሁሉ በደረቅ ክብደት አስተካክዪ።

ስናስረክብሽ አንድ ነገር ጠይቂን፤ የ7ቱን ብላንኮች ንባብ። የዲቴክሽን ሊሚቱን ስሌት የሜቶዶሎጂ ምዕራፍሽ ውስጥ ከነመዘንሽው ግራምና ከነደረሰበት ሚሊ ሊትር አስገቢው። «አኳ ሬጂያ» ብለሽም ጻፊ፤ ይህ አሲድ ሲሊኬት ውስጥ የታሰረውን ሙሉ በሙሉ ስለማያወጣ፣ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከተሠራ ጥናት ጋር ውጤትሽን ጎን ለጎን አታስቀምጪ።