ደንዝዞ መቀመጥ መረጋጋት አይደለም

«አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ተረጋግታለች ማለት ነው።»

አንዲት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ አለቃዋ ሲጮኽባት እናስብ። መጀመሪያ ፊቷ ይግላል፣ ልቧ ይመታል፤ መልስ መስጠት ወይም ጥላ መውጣት ትፈልጋለች። ሁለቱንም ማድረግ አትችልም። ከዚያ በድንገት ጭጭ ትላለች። ሰውነቷ ይከብዳታል፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላታል፣ «እሺ፣ እሺ» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ማታ የተባለውን ለማስታወስ ብትሞክር ግማሹ የለም።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዳንኤል ሲግል በ1999 እ.ኤ.አ. «የመቻል መስኮት» ያለው፣ ማለትም ሰው ስሜቱን ችሎ ማሰብ የሚችልበት የመነቃቃት መጠን፣ ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። መስኮቱ ውስጥ ያለ ሰው ሊናደድም ሊያዝንም ይችላል፤ ግን እያዳመጠ ያስባል። ሠራተኛዋ በመጀመሪያ ከመስኮቱ በላይ ወጣች፤ ማምለጫ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ታች ወረደች። መለየት ከፈለጋችሁ ቀለል ያለ ጥያቄ ጠይቋት። የተረጋጋ ሰው ዓይኑ ይከተላችኋል፣ የሚሰማውንም ይነግራችኋል። የደነዘዘ ሰው ቃል ይጠፋበታል። ይህን ደግሞ ግድየለሽነት ነው ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ነው።

«ምንም ቢሰማህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

ከመስኮቱ በላይ ለወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ በተለይ ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም፣ ለምሳሌ እስከ 4 እየቆጠሩ አስገብቶ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ የልብ ምትን ያዘገያል። ለደነዘዘ ሰው ግን ዓይን መጨፈንና ጸጥ ብሎ መተኛት ይበልጥ ሊያርቀው ይችላል። እሱ የሚያስፈልገው መጠነኛ መነቃቃት ነው፦ ቆሞ እግሩን መሬት ላይ ጫን ማድረግ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት፣ በዙሪያው የሚያያቸውን ነገሮች ጮክ ብሎ በስም መጥራት፣ እጁን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ።

ድንዛዜው ሲለቅ የልብ ምቱና ፍርሃቱ ሊመለሱ ይችላሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ባሰብኝ ብለው ይደነግጣሉ። ሰውነት ከታች ሲመለስ የተወውን ጭንቀት መንገድ ላይ ሊያገኘው ስለሚችል፣ ያኔ ቀስ ማለት፣ ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣትም ይጠቅማል። ከባድ ጉዳት ያሳለፉ አንዳንድ ሰዎችን ትንፋሻቸውን መከታተሉ ራሱ ያስፈራቸዋል፤ እነሱ ትተውት በክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ ቢያዩ ይሻላል።

«አንዳንዱ ሲፈጠር ደካማ ነው።»

ያው ሰው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲርበው ወይም ሲታመም መስኮቱ ይጠባል፤ ትናንት የቻለውን ዛሬ አይችልም። የሚሰፋውም ጫፉ ጋ በትንሽ በትንሹ ደርሶ በሰላም በመመለስ ነው፤ ራስን አስገድዶ ከጫፉ ማለፍ አያሰፋውም። ድንዛዜው ለሳምንታት ካልለቀቀ ግን የድብርት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ውጤት ሊሆን ስለሚችል፣ በእነዚህ ልምምዶች ብቻ ከመታገል ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።