ዲስክሪሚናንት ምንድን ነው?

ax² + bx + c = 0 በሚል መልክ በተጻፈ የኳድራቲክ እኩልታ ውስጥ b² − 4ac የሚለው መግለጫ ዲስክሪሚናንት ይባላል፤ ከዚህ በታች D እያልን እንጠራዋለን። እኩልታውን እስከ መጨረሻው ሳንፈታ ሥሮቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ የምናውቀው ከዚህ ቁጥር ነው።

D ይህን የማሳወቅ ኃይል ከየት እንዳገኘ ለማየት የእኩልታውን ሁለቱንም ጎን በ 4a አባዝተን በሁለቱም ላይ b² እንጨምር። 4ac ን ወደ ቀኝ ስናሻግር ግራው ሙሉ ስኩዌር ይሆንና የሚከተለውን እናገኛለን፦

(2ax + b)² = b² − 4ac

በግራ በኩል ያለው የአንድ ቁጥር ስኩዌር ነው። ስለዚህ D ፖዘቲቭ ከሆነ 2ax + b የ D ን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ስኩዌር ሩት ሊሆን ስለሚችል ሁለት የተለያዩ ሪያል ሥሮች ይኖራሉ። D ዜሮ ከሆነ 2ax + b ራሱ ዜሮ ከመሆን በቀር ምርጫ የለውም፤ ሁለቱ ሥሮች በ x = −b/2a ላይ ይገጥማሉ፣ እኩል ሥሮች የምንላቸውም እነዚህን ነው። D ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ የየትኛውም ሪያል ቁጥር ስኩዌር ኔጋቲቭ ስለማይሆን እኩልታው ሪያል ሥር የለውም። a፣ b እና c ራሽናል ቁጥሮች ሲሆኑ D እንደ 16 ወይም 49 ያለ ሙሉ ስኩዌር ከሆነ ሥሮቹም ራሽናል ይሆናሉ።

በፈተና ላይ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ የሥሮቹ ዓይነት ተነግሮ በእኩልታው ውስጥ ያለው ያልታወቀ ፊደል ስንት መሆን እንዳለበት ይጠየቃል። ለምሳሌ x² + kx + 9 = 0 እኩል ሥሮች እንዲኖሩት k ስንት ይሁን ቢባል፣ D = k² − 36 ስለሆነ k² = 36 መሆን አለበት። እዚህ ላይ 6 ብቻ ጽፎ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ −6 ም መልስ ነው። k = 6 ሲሆን እኩሉ ሥር −3፣ k = −6 ሲሆን ደግሞ 3 ይሆናል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው k በ x² ኮኤፊሸንት ውስጥ ሲገኝ ነው። የሚከተለው እኩልታ እኩል ሥሮች የሚኖሩት ለየትኛው k ነው?

(k − 2)x² + 2(k − 2)x + 3 = 0

እዚህ a = k − 2፣ b = 2(k − 2)፣ c = 3 ናቸው። b ን ስኩዌር ስናደርግ 2 ም አብሮ ስኩዌር መደረግ እንዳለበት ሳንዘነጋ ስናሰላ፦

D = 4(k − 2)² − 12(k − 2) = 4(k − 2)(k − 5)

D ዜሮ የሚሆነው k = 2 ወይም k = 5 ሲሆን ነው። ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። k = 2 ን በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ ብንተካ x² ም x ም ይጠፉና 3 = 0 የሚል ሐሰት ብቻ ይቀራል፤ እኩል ሥር ቀርቶ ምንም ሥር የለም። ዲስክሪሚናንቱ ያሳሳተን መስሎ ቢታይም ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከላይ በ 4a ስናባዛ a ዜሮ አለመሆኑን ይዘን ነበር፣ በ k = 2 ግን ያ ቅድመ ሁኔታ ፈርሷል። በ k = 5 እኩልታው 3x² + 6x + 3 = 0፣ ማለትም 3(x + 1)² = 0 ስለሚሆን ሁለቱም ሥሮች −1 ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ k = 5 ብቻ ነው። በመልስ ወረቀት ላይ a ≠ 0 የሚለውን ገና ከጅምሩ መጻፍ እንዲህ ካለው ስሕተት ያድናል የምለውም ለዚህ ነው።

ይኸው የ D መግለጫ ለቀሩት የ k ዋጋዎችም መልስ ይሰጣል። k በ 2 እና በ 5 መካከል ሲሆን ከሁለቱ ፋክተሮች አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ስለሚሆን D ኔጋቲቭ ነው፤ ለምሳሌ በ k = 3 የምናገኘው x² + 2x + 3 = 0 የ D ዋጋው −8 ስለሆነ ሪያል ሥር የለውም። k ከ 2 ሲያንስ ወይም ከ 5 ሲበልጥ D ፖዘቲቭ ይሆናል። በ k = 6 እኩልታው 4x² + 8x + 3 = 0፣ D ደግሞ 16 ነው፤ 16 ሙሉ ስኩዌር በመሆኑ ሥሮቹ ራሽናል መሆናቸውን አስቀድመን እናውቃለን፣ ሲፈቱም −1/2 እና −3/2 ሆነው ይገኛሉ።